ቀሪው ኃይል የት ገባ?

«አባጨጓሬ 200 ጁል ቅጠል ቢበላ ሥጋ የሚሆነው 33 ጁል ነው ይላል መጽሐፉ። የቀረው ሁሉ ሙቀት ሆነ? ደግሞስ ከአንዱ የምግብ ሰንሰለት ደረጃ ወደ ቀጣዩ ያልፋል የሚባለው 10 በመቶ ለምን አልመጣም?»

ሁሉም ሙቀት አልሆነም። ከ200ው ወደ 100 ጁል የሚጠጋው ሳይፈጭ በዓይነ ምድር ይወጣል፤ ይህ ኃይል ባክቴሪያና ፈንገስ የሚበሉት ምግብ ስለሆነ ከምግብ ድሩ አልወጣም። ሙቀት ሆኖ የሚጠፋው አባጨጓሬው ለመንቀሳቀስና ሰውነቱን ለመጠገን ያቃጠለው 67 ጁል ነው። ለወፏ የሚተርፈው ያ 33 ጁል ብቻ ነው፣ እሱም ከበላችው።

10 በመቶ ያልመጣልህ ያካፈልከው በተበላው ቅጠል ስለሆነ ነው፤ 33 ለ200 ሲካፈል 16.5 በመቶ ይሆናል። ከአንዱ ደረጃ ወደ ቀጣዩ ስንት በመቶው ኃይል እንዳለፈ የሚሰላው ግን ያልተበላውንም ጨምሮ ተክሉ ባመረተው ሁሉ ነው። ተክሉ 400 ጁል አምርቶ ግማሹ ብቻ ተበልቶ ከሆነ፣ 33 ለ400 ሲካፈል 8 በመቶ ገደማ ይመጣል።

አንድ ነገር ተጠንቀቅ፦ 10 በመቶን እንደ ቋሚ ቁጥር ይዘህ በየደረጃው አታባዛ። አማካይ ግምት ነው፤ ብዙውን ጊዜ ከ5 እስከ 20 በመቶ ይዋዥቃል። ወፎችና አጥቢዎች የሰውነታቸውን ሙቀት ለመጠበቅ ብዙ ስለሚያቃጥሉ፣ ከፈጩት ምግብ ወደ ሥጋ የሚለውጡት ከ1 እስከ 3 በመቶ ያህል ብቻ ነው። አባጨጓሬው ግን ከፈጨው 100 ጁል 33ቱን ለውጧል።