መልስ፦ የክላሽ ኦፍ ክላንስ መንደርን ከአንድሮይድ ወደ አይፎን ማዛወር

«አንድሮይዴን ትቼ አይፎን ገዛሁ። ክላሽ ኦፍ ክላንስ ስከፍት ከዜሮ ጀመረ። የሦስት ዓመት መንደሬ ጠፋ ማለት ነው?»

አልጠፋም ወንድሜ፤ አሮጌውን ስልክ ብቻ እንዳትሸጠው። መንደሩ የሚቀመጠው በጨዋታው ሰርቨር ላይ እንጂ በስልኩ ውስጥ አይደለም። አይፎኑ ያላወቀው አንተ ማን እንደሆንክ ነው። አንድሮይዱ ላይ የገባህበትን የጎግል ጨዋታ መለያ አይፎኑ አያነበውም፤ የአፕል Game Center ደግሞ አንድሮይድ ላይ የለም። ሁለቱን የሚያገናኘው የጨዋታው ሠሪ ኩባንያ መለያ የሆነው Supercell ID ነው።

በአሮጌው ስልክ ጨዋታውን ክፈትና በ Settings ውስጥ Supercell ID የሚለውን ነክተህ በኢሜይልህ ተመዝገብ፤ ባለ ስድስት አሃዝ ኮድ ይላክልሃል። ከዚያ አይፎኑ ላይ በዚያው ኢሜይል ግባ። ሌላ ኮድ ይመጣል፤ ስታስገባው መንደርህ ከነግንቡ ይከፈታል።

ቅደም ተከተሉን ግን አደራ! ብዙ ሰው አይፎኑ ላይ በተከፈተው ጀማሪ መንደር ኢሜይሉን ቀድሞ ያስመዘግባል። አንድ Supercell ID በአንድ ጨዋታ ውስጥ አንድ መንደር ብቻ ስለሚይዝ የድሮው መንደር ቦታ ያጣል። ይህ ደርሶብህ ከሆነ የድሮውን በሌላ ኢሜይል አስመዝግበው። የመንደርህን ስም አይፎኑ ላይ በዓይንህ ሳታይ ጨዋታውን ከአሮጌው ስልክ አታጥፋ።