በርዕሰ ጉዳዩ ላይ ከመፍረዳችሁ በፊት መግቢያውን መርምሩ

መንፈሳዊ ትምህርት በቪዲዮ ለምታዘጋጁ ወጣቶች፣

የተመልካች ቁጥር ሲያሽቆለቁል ብዙዎቻችሁ መጀመሪያ የምትጠረጥሩት ርዕሰ ጉዳዩን ነው። «ስለ ይቅርታ ሰው አይሰማም፤ ስለ ጭንቀት ግን ይሰማል» ትሉና የሚቀጥለውን ወር ዕቅድ በዚያው ትቀይራላችሁ። ብዙ ጊዜ ግን ሰውን ያባረረው ይቅርታ አይደለም። ይቅርታ ገና ሳይነሳ ሰዉ ወጥቶ አልቋል።

ይህን የሚያሳያችሁ አማካይ የዕይታ ጊዜ ሳይሆን ሰው በየትኛው ቅጽበት እንደወጣ የሚያሳየው የግራፍ መስመር ነው። በዩቲዩብ ስቱዲዮ አንዱን ቪዲዮ ክፈቱ፤ Analytics ውስጥ ገብታችሁ Audience retention የሚለውን ግራፍ ፈልጉ። በእያንዳንዱ ቅጽበት ስንት በመቶው ተመልካች እንደቀረ ያሳያል። ቪዲዮው በተለቀቀ ማግስት አትቸኩሉ፤ መረጃው ተጠናቅሮ እስኪገባ አንድ ሁለት ቀን ይፈጃል።

በምሳሌ እንየው። እያንዳንዳቸው 12 ደቂቃ የሚፈጁ ሁለት ትምህርቶች አሉ እንበል። በይቅርታው ትምህርት 30ኛው ሰከንድ ላይ 55 በመቶ፣ 2ኛው ደቂቃ ላይ 40 በመቶ፣ 11ኛው ደቂቃ ላይ 30 በመቶ ቀርቷል። በጭንቀቱ ደግሞ በእነዚያው ቦታዎች 75፣ 65 እና 26 በመቶ ነው። አማካዩን ብቻ ያየ ሰው ጭንቀት አሸነፈ ይላል፤ እውነትም የጭንቀቱ አማካይ ከ5 ደቂቃ ተኩል ሲያልፍ የይቅርታው 4 ደቂቃ ተኩል ገደማ ነው።

አሁን ከ2ኛው ደቂቃ ወዲያ ያለውን ለብቻው አስሉት። በይቅርታው ከ40ዎቹ 30ዎቹ ጸንተዋል፤ ከአራት ሦስቱ ማለት ነው። በጭንቀቱ ከ65ቱ የጸኑት 26 ብቻ ናቸው፤ ከአሥር አራቱ። ትምህርቱ ከተጀመረ በኋላ ሰው የያዘው ይቅርታው ነው። ወደ ቪዲዮው ተመልሳችሁ መጀመሪያውን በጆሯችሁ ስሙት፦ የቻናሉ መዝሙር፣ ረጅም ሰላምታ፣ ያለፈው ሳምንት ማስታወቂያ፣ «ሰብስክራይብ አድርጉ» የሚል ልመና፤ የመጀመሪያው ጥቅስ የሚነበበው 1፡45 ላይ ነው። በጭንቀቱ ግን ተናጋሪው አፉን ሲከፍት «ሌሊት እንቅልፍ የነሳህ ነገር ምንድን ነው?» ብሎ ጀምሯል።

እዚህ ላይ አንድ ወጥመድ አለ፤ ብዙ ሰው አያስተውለውም። ያንን ሁሉ ሰላምታ ታግሶ 2ኛው ደቂቃ ላይ የደረሰ ሰው ቀድሞም ወዳጃችሁ ነው፤ ምንም ብታስተምሩት አይወጣም ይሆናል። ስለዚህ «ከአራት ሦስቱ» የሚለው ውጤት ፍንጭ እንጂ ማስረጃ አይደለም። ማጣራት የሚቻለው በሚቀጥለው ሥራ ነው፦ ስለ ይቅርታ ሌላ ትምህርት አዘጋጁ፤ ርዝመቱ ተመሳሳይ ይሁን፤ ጥያቄውን በመጀመሪያዎቹ 15 ሰከንዶች አንሱ፤ ሰላምታው አንድ ዓረፍተ ነገር ይብቃው፤ ማስታወቂያውን መጨረሻ ላይ አድርጉት። 2ኛው ደቂቃ ላይ የቀረው ሰው በርክቶ ከዚያም በኋላ መስመሩ ካልተንሸራተተ፣ ርዕሰ ጉዳዩ ሰው ይይዛል ማለት ትችላላችሁ። መግቢያው ተስተካክሎ ከ2ኛው ደቂቃ ወዲያ ቁልቁል ከወረደ ግን ችግሩ አቀራረቡ ወይም ርዕሰ ጉዳዩ ውስጥ ነው።

የመስመሩን ቅርጽም ለዩ። በመጀመሪያዎቹ ሰከንዶች እንደ ገደል የሚወርድ ከሆነ ርዕሱና ተምብኔሉ የገቡት ቃል ከትምህርቱ ጋር አልገጠመም፤ «ጭንቀትን ማሸነፍ» ብሎ የገባ ሰው ስለ ሌላ ነገር ሲሰማ ይወጣል። በዝግታ መንሸራተት የተለመደ ነው። መሃል ላይ ድንገት የሚሰበር መስመር ደግሞ የተወሰነ ቦታ ይጠቁማችኋል፤ እዚያው ደቂቃ ላይ ቁሙና አዳምጡ። ብዙውን ጊዜ ከዋናው ሐሳብ የወጣ ረጅም ምሳሌ ወይም «ለማጠቃለል» የሚል ቃል ታገኛላችሁ። ቃሉ ከተሰማ በኋላ ሦስት ደቂቃ ብታስተምሩም ሰዉ ጫማውን አጥልቋል። በተቃራኒው ወደ ላይ የሚወጣ ጉብታ ሰው መልሶ የሰማው ቦታ ነው፤ በእኛ ዘርፍ ጥቅስ የተነበበበት ወይም ጸሎት የተደረገበት ሊሆን ይችላል። ጥቅሱ በፍጥነት ስላለፈ የተመለሱም ይኖራሉና፣ ምዕራፍና ቁጥሩን በጽሑፍ አሳዩ።

ቪዲዮው 60 ሰው ብቻ አይቶት ከሆነ ከዚህ ሁሉ ምንም አትደምድሙ፤ አንድ ሰው ሲወጣ ብቻ መስመሩ 2 በመቶ ገደማ ይወርዳል። ከየት እንደመጡም እዩ፦ ስለ ሐዘን በፍለጋ የመጣ እንግዳና የዘወትር ተመልካች አንድ ዓይነት ትዕግሥት የላቸውም።

ደግሞም ስለ ሐዘን በተሰጠ ትምህርት 4ኛው ደቂቃ ላይ የወጣ ሰው ሰልችቶት ይሁን የሚፈልገውን ቃል አግኝቶ ይሁን ግራፉ አይነግራችሁም። ለዚያ አስተያየቶቹን አንብቡ፤ ሰው ከትምህርቱ የትኛውን ቃል ደጋግሞ እንደሚጽፍ ልብ በሉ።