ሁለተኛው ሳሎን በቀን ስንት ደንበኛ ይፈልጋል?

ጥያቄ፦ «አራት ወንበር ያለው የሴቶች ጸጉር ቤት አለኝ፤ ቅዳሜ ሰው ቆሞ ተራ ይጠብቃል። ሁለተኛ ቅርንጫፍ ልከፍት አስቤያለሁ፤ እሱም አራት ወንበር ይኖረዋል። እንዳሰላሁት በቀን 23 ደንበኛ ካገኘሁ ወጪዬን እሸፍናለሁ። እህቴ ያለ ደሞዝ ላስተዳድርልሽ ብላኛለች፤ ቤተሰቤም ምን ትጠብቂያለሽ ይለኛል። የጀመርኩትን የማታ የሂሳብ ትምህርት ልተወው? የቅርንጫፉ ስምስ የተለየ ይሁን?»

መልስ፦ ትምህርቱን አትተይው፤ ስሙም ያው ይሁን። እኔን ያሳሰበኝ «ያለ ደሞዝ» ያልሽው ነው። እህትሽ ነገ ሌላ ሥራ ብታገኝ ወይም ብትጣሉ ሥራ አስኪያጅ መቅጠርሽ አይቀርም። ያን ጊዜ ቅርንጫፉ ደሞዙን መሸከም ካቃተው፣ እስከዚያ ያገኘሽው ትርፍ የእህትሽ ጉልበት ነበር ማለት ነው። ቤተሰብሽ ይህን መስማት ባይወድም፣ ከመጀመሪያው ወር ጀምሮ ደሞዟን በመዝገብ ላይ አስፍሪው፤ ክፈያትም።

አሁን ወደ ስሌቱ። አማካይ ክፍያሽን ከዋጋ ዝርዝር ላይ አትውሰጂ፤ የሦስት ወር ሽያጭሽን በደንበኞቹ ብዛት አካፍይ። አማካዩ 100 ሆነ እንበል። ከዚህ ላይ 40 ለባለሙያዋ ኮሚሽን፣ 12 ለሻምፖ፣ ለቀለምና ለሌላ ዕቃ፣ 3 ለውሃና ለፎጣ እጥበት ቢወጣ፣ እያንዳንዷ ደንበኛ 45 ትተውልሻለች። ኪራይና ሌላውን ቋሚ ወጪ የምትከፍይው ከዚህ 45 ነው።

የወር ቋሚ ወጪሽ ኪራይ 18,000፣ እንግዳ ተቀባይና ጽዳት 6,000፣ መብራት፣ ስልክና የመሳሰለው 3,000 ይሁን፤ ድምሩ 27,000። ለ45 ሲካፈል 600 ደንበኛ ይሆናል፤ በ26 የሥራ ቀን ደግሞ 23 ገደማ። ያንቺ ቁጥር የመጣው እንዲህ ሳይሆን አይቀርም። የሥራ አስኪያጅ ደሞዝ 9,000 ሲጨመር ወጪው 36,000፣ ደንበኛው 800 ይሆናል፤ በቀን 31 ማለት ነው።

በዚህ ላይ የራስሽ እጅ አለ። የምትሠሪው አንቺው ስትሆኚ ኮሚሽን ስለማይወጣ እያንዳንዷ ደንበኛሽ 85 ታስቀራለች። አዲሱን ለመቆጣጠር በሳምንት ሁለት ቀን፣ በወር ወደ ዘጠኝ ቀን፣ ወንበርሽን ትተሽ ብትሄጂና በቀን ስድስት ደንበኛ ብታጪ 4,590 ከነባሩ ቤት ጎደለ። ይህን ያመጣው አዲሱ ቤት ስለሆነ የእሱ ወጪ ነው። ድምሩ 40,590፣ ደንበኛው 902፣ በቀን 35።

በደህና ቀን አንድ ወንበር ስምንት ደንበኛ ቢያስተናግድ አራቱ 32 ነው የሚችሉት። ስለዚህ በየቀኑ ሞልቶም ይከስራል። ደግሞም ማክሰኞና ረቡዕ እንደ ቅዳሜ አይሆኑም። የቅዳሜው ሰልፍ የሚነግርሽ በቅዳሜ ወንበር እንዳነሰሽ ብቻ ነው። የነባሩ ቤትሽ የሳምንት አማካይ በአንድ ወንበር በቀን ስድስት ከሆነ፣ ከአዲሱ የተሻለ አትጠብቂ።

በዚያው ኪራይ ስድስት ወንበር የሚያስገባ ቤት ብታገኚ ግን ነገሩ ይለወጣል። 6 ወንበር በ6 ደንበኛ በቀን 36 ነው፤ በወር 936 ደንበኛ ሲሆን 42,120 ይተርፋል። 40,590ን በጭንቅ ያልፋል። የሂሳብ መዝገብ ሰው ስለሆንኩ ይሆናል፣ እኔ ግን ከዚህ ባነሰ አማራጭ ውል አልፈርምም። ቤቱን ስታዪ ከግድግዳው ውበት ይልቅ የውሃ መስመሩንና የፍሳሽ መውጫውን ተመልከቺ። መታጠቢያ ገንዳው አንድ ብቻ ከሆነ ሦስት ሰው ጸጉሯን ለመታጠብ ስትጠብቅ የቀሩት ወንበሮች ባዶ ይቆማሉ፤ ስድስቱም ካስክና ፎን አብረው ሲበሩ መብራቱ ይችል እንደሆነም ጠይቂ።

ሌላው አሳሳች ነገር ከነባሩ ቤት ወደ አዲሱ የሚሻገሩት ደንበኞች ናቸው። ከአምስቱ አንዷ እንዲህ ከሆነች የቅርንጫፉ መዝገብ ያምራል፣ የሁለቱ ድምር ግን አይጨምርም፤ 902 አዳዲስ ለማግኘት ወደ 1,130 ደንበኛ ያስፈልግሻል። ስድስቱ ወንበሮች በቀን በስድስት ደንበኛ አማካይ በወር 936 ብቻ ስለሚያስተናግዱ ይህ አይሆንልሽም። ስለዚህ ከአሁኑ ከየት እንደሚመጡ እየጠየቅሽ መዝግቢ፤ አዲሱ ሰፈር ከብዙዎቹ ቤት አጠገብ ከሆነ ቦታ ቀይሪ።

የመጨረሻው የመቆያ ገንዘብ ነው። በመጀመሪያው ወር 300 ደንበኛ መጥቶ በየወሩ 100 ቢጨመር፣ ወጪና ገቢው የሚተካከለው በሰባተኛው ወር ነው። እስከዚያ የሚጎድለው ተደምሮ ወደ 95,000 ይደርሳል፤ ከሁለት ወር ቋሚ ወጪ በላይ። ይህ ከወንበር፣ ከመስታወትና ከቅብ ወጪ ውጭ ነው፤ ውል ከመፈረምሽ በፊት በእጅሽ ይኑር፤ ከነባሩ ቤት ዕለታዊ ሽያጭ እየተቀነሰ ግን አይሸፈን፤ ያን ጊዜ በቀለምና በሻምፖ እጥረት የሚጎዳው የሚያተርፈው ቤት ይሆናል።