አንድ እንጀራ ስንት ቁራሽ ዳቦ ነው?

«ልጄ 14 ዓመቱ ነው። ታይፕ ዋን ስኳር ከያዘው ዓመት ሞላው። የምንኖረው ሜሪላንድ ነው። ክሊኒኩ የሰጠን ዝርዝር ላይ ዳቦ፣ ሩዝ፣ ፓስታ አለ፤ እንጀራ የለም። ለ15 ግራም ካርቦሃይድሬት 1 ዩኒት ኢንሱሊን ነው የታዘዘልን። ጠዋት ዳቦና ወተት ሲበላ ቁጥሩ ልክ ነው። ምሳ እንጀራ በሽሮ በበላ ቀን ግን 120 የነበረው በሁለት ሰዓቱ 300 ያልፋል። እንጀራውን እንደ ሁለት ቁራሽ ዳቦ፣ ብርቱካኑን እንደ አንድ ነው የምቆጥረው። ሽሮው ወጥ ስለሆነ አልቆጥረውም። ጤፍ ለስኳር ጥሩ ነው ሲባል አልነበር? የት ጋ ነው የተሳሳትኩት?»

እህቴ፣ ነገሩን የነገረኝ የጠዋቱ ዳቦ ነው። ዳቦው ማሸጊያው ላይ ቁጥር ተጽፎለታል። ያንን ቆጥረው ሲወጉት ስኳሩ ይስማማል። የጠዋትና የቀን የኢንሱሊን ልኩ የሚለያይ ሰው አለ፤ እሱን ክሊኒኩ ያየዋል። እኔ ግን አስቀድሜ የምጠረጥረው የምሳውን ቆጠራ ነው።

በእጅዎ ያለው ወረቀት የምትክ ዝርዝር ይባላል። መጀመሪያ የወጣው እዚሁ አሜሪካ በ1950 ነው፤ የተሠራውም በአሜሪካ ማዕድ ልክ ነው። ሐሳቡ ቀላል ነው። 15 ግራም ካርቦሃይድሬት የያዘ የምግብ መጠን አንድ ምትክ ይባላል። አንዱን ምትክ አንስቶ በሌላው መተካት ይቻላል። 28 ግራም የምትመዝን አንድ ቁራሽ ዳቦ አንድ ምትክ ናት። የበሰለ ሩዝ ከሆነ ሲሶ ካፕ፣ የበሰለ ምስር ከሆነ ግማሽ ካፕ። (ለንደን ዘመድ ካለዎት ቁጥር ሲለዋወጡ ይጠንቀቁ። እዚያ በ10 ግራም ነው የሚቆጥሩት።)

እንጀራ ዝርዝሩ ላይ ከሌለ እኛው ቤት ማስላት እንችላለን። የሚያስፈልገው ግራም የሚያሳይ የኩሽና ሚዛን ብቻ ነው። ሳህኑን አስቀምጠው TARE የሚለውን ሲጫኑ ወደ ዜሮ ይመለሳል፤ ከዚያ በኋላ የሚያሳየው የምግቡን ክብደት ብቻ ነው።

100 ግራም የጤፍ ዱቄት ውስጥ 73 ግራም ያህል ካርቦሃይድሬት አለ። የስንዴ ዱቄት 76 አካባቢ ነው። እንግዲህ ልዩነቱን ይዩት። ጤፍ በፋይበርና በብረት ከነጭ ዱቄት ይሻላል፤ ለዚያ ምስጋና ይገባዋል። ኢንሱሊን ለመቁጠር ሲመጣ ግን ያው ዱቄት ነው። ገብስም ይደባለቅበት ሩዝ፣ ሂሳቡ ብዙ አይንቀሳቀስም።

ባለፈው ሳምንት ቤቴ 2 ኪሎ የጤፍ ዱቄት አብኩቼ ነበር። በውስጡ 1,460 ግራም ካርቦሃይድሬት አለ ማለት ነው። ጋግሬ ስጨርስ 14 እንጀራ ወጣኝ፤ ሁሉንም አንድ ላይ ብመዝነው 4 ኪሎ ከ700 ግራም ሆነ። 1,460ን ለ4,700 አካፍለው በ100 ሲያባዙት 31 ይመጣል። በ100 ግራም እንጀራ ውስጥ ያለው ይኸው ነው። ሊጡ ሲቦካ እርሾው ጥቂት ይበላል፤ ከላይ የሚደፋው ውሃም ጥቂት ይዞ ይሄዳል። ስለዚህ 30 ብዬ ያዝኩት። 50 ግራም እንጀራ 15 ግራም ካርቦሃይድሬት፣ ማለትም አንድ ምትክ ሆነ።

አሁን አንዱን ሙሉ እንጀራ ይመዝኑት። የእኔ 335 ግራም ነበር። ካርቦሃይድሬቱ 100 ግራም ነው። ወደ ሰባት ቁራሽ ዳቦ ይጠጋል! እርስዎ የቆጠሩት ሁለት ነው። ሲያዩት ስስ ነው፣ ዓይናማ ነው፣ ተጠቅልሎ ሲቀርብማ ምንም አይመስልም። ብዙ ሰው የሚሸወደው እዚህ ጋ ነው።

የሱቅ እንጀራ ከሆነ የሚገዙት፣ ማሸጊያው ላይ Serving size የሚለውን በግራም፣ Total Carbohydrate የሚለውን ደግሞ ከሥሩ ያንብቡ። ቁጥሩ ለሙሉ እንጀራ ነው ወይስ ለሩቡ፣ እሱን ሳያጣሩ አይለፉ። ምንም ካልተጻፈበት በ100 ግራም 30 ብለው ይጀምሩ። አንድ ነገር ልጨምር፤ ሚዛኑ ውሃውንም ይመዝናል። ሦስት ቀን ቆይቶ የደረቀ እንጀራ ክብደቱ ይቀንሳል እንጂ ካርቦሃይድሬቱ የትም አልሄደም። ድርቆሽ ሲሆን ይብሳል፤ 20 ግራሙ ብቻ አንድ ምትክ ይሞላል። የድርቆሽ ፍርፍር በትኩስ እንጀራ ሂሳብ ከተቆጠረ ከግማሽ በላይ ይጎድላል።

ወደ ሽሮው እንምጣ። ወጥ ስለተባለ ነፃ አይደለም። ሽሮ ማለት የአተር ወይም የሽምብራ ዱቄት ነው፤ 100 ግራሙ ውስጥ 58 ግራም ያህል ካርቦሃይድሬት አለ። ማንም የማይቆጥረው ደግሞ ሽንኩርቱ ነው። ዝርዝሩ ግማሽ ካፕ የበሰለ አትክልት 5 ግራም ይላል፤ ያንን የጻፈው ሰው የእኛን ቁሌት አላየም። ጥሬ ሽንኩርት በ100 ግራም 9 ግራም ካርቦሃይድሬት አለው። በቁሌት ሲሟሟ ውሃው ይተናል፣ ካርቦሃይድሬቱ ድስቱ ውስጥ ይቀራል።

ለአራት ሰው የሠራሁት ሽሮ 160 ግራም ዱቄትና 300 ግራም የተላጠ ሽንኩርት ገብቶበታል። ከዱቄቱ 93፣ ከሽንኩርቱ 27፣ በድምሩ 120 ግራም። ባዶ ድስቱን አስቀድሜ መዝኜ ስለነበር፣ ሲበስል ከነወጡ መዝኜ ቀነስኩለት፤ 1,200 ግራም ሽሮ ነው። ስለዚህ 10 ግራም ሽሮ ውስጥ 1 ግራም ካርቦሃይድሬት አለ። የእርስዎ ሽሮ ወፈር ካለ ቁጥሩ ይለወጣል፤ አንዴ መዝነው ማቀዝቀዣው በር ላይ ይለጥፉት። ፋይበሩን ልቀንስ ወይ ብለው ይጠይቁ ይሆናል። ክሊኒኩ ቀንሱ ካላላችሁ እንዳለ ይቁጠሩት፤ አንድ ቀን እየቀነሱ ሌላ ቀን መተው ግራ ያጋባል።

ልጅዎ ምሳ ላይ ከእንጀራው ሩብ ያህል አስተርፎ 240 ግራም በላ እንበል። 72 ግራም ካርቦሃይድሬት ነው። ጠቀም ያለ ሽሮ፣ 250 ግራም፣ 25 ይሆናል። መካከለኛ ብርቱካን 15። ድምሩ 112 ግራም። እርስዎ የቆጠሩት 45 ነበር። ለ45 የሚሰጠው 3 ዩኒት ነው፤ ለ112 ግን ሰባት ተኩል ገደማ። ከግማሽ በላይ የሆነው ምሳ ኢንሱሊን አላገኘም። 300 ማለፉ አይገርምም።

አሁን ግን ቆም ይበሉ። ነገ ተነስተው ሰባት ተኩል እንዳይወጉት። «ለ15 ግራም 1 ዩኒት» የሚለው ልክ የተሠራው እናንተ እያስመዘገባችሁ በላካችሁት ቁጥር ሊሆን ይችላል። ለወራት አሳንሳችሁ ቆጥራችሁ ከሆነ፣ ሐኪሙ ያንን እያየ ኢንሱሊኑን ከፍ አድርጎት ይሆናል። በዚህ ላይ ትክክለኛው ቆጠራ ሲጨመር ስኳሩ በአንዴ ሊወርድ ይችላል። አንዲት እናት ሚዛን በገዛችበት ሳምንት ልጇ ሁለቴ ከ70 በታች ወርዶባታል። ሚዛኑም ቆጠራዋም ልክ ነበሩ፤ የኢንሱሊኑ ልክ ግን በድሮው ስህተት የተሰፋ ነበር። ስለዚህ አስቀድመው ክሊኒኩ ጋ ይደውሉና «እንጀራውን አሳንሰን ስንቆጥር ነበር፣ አሁን መመዘን ልንጀምር ነው» ይበሉ።

እሺ ካሏችሁ ለሦስት ቀን አንድ ዓይነት ምሳ፣ በአንድ ሰዓት ላይ ያብሉት። 100 ግራም እንጀራ፣ 150 ግራም ሽሮ፣ አንድ ብርቱካን። 30፣ 15፣ 15። ጥርት ያለ 60 ግራም፣ አራት ምትክ። 100 ግራም እንጀራ ለ14 ዓመት ልጅ እንደማይበቃ አውቃለሁ፤ እያደገ ነው፣ ምግቡን አናሳንስም። በእነዚህ ቀናት እንቁላል ወይም ጥብስ፣ ጎመንም ይጨምሩለት። እንቁላልና ሥጋ ካርቦሃይድሬት የላቸውም ማለት ይቻላል። ጥብሱ ላይ ሽንኩርት አያብዙ።

እንጀራውን ወጥ ሳይነካው ይመዝኑ። ወጥ ከጠጣ በኋላ የሚመዝኑት ሌላ ነገር ነው። የተረፈውንም መዝነው ይቀንሱ። ከመብላቱ በፊት፣ ከሁለት ሰዓት በኋላ፣ ከአራት ሰዓት በኋላ ስኳሩን ይለኩና ይጻፉት። በሁለት ሰዓቱ 50 ያህል ከፍ ብሎ በአራተኛው ወደ ነበረበት ከተመለሰ፣ ጥፋቱ ቆጠራው ላይ ነበር ማለት ነው። በሦስቱም ቀን ከፍ እንዳለ ከቀረ የምሳው የኢንሱሊን ልክ፣ የሚወጋበት ቦታ ወይም ሰዓት መታየት አለበት፤ ደብተሩን ይዘው ይሂዱ። ከ70 በታች ከወረደ ደግሞ ግማሽ ካፕ ጭማቂ ይጠጣ፤ እሱ ራሱ አንድ ምትክ፣ 15 ግራም ነው። ከ15 ደቂቃ በኋላ እንደገና ይለኩት። ከ250 በላይ ሆኖ የሚያስመልሰው ከሆነ ግን ይህን ሙከራ ይተዉትና ኪቶን ለክተው ወዲያው ለሐኪም ይደውሉ።

የሚቀረው የጋራ ትሪው ነው። በሙከራው ቀናት ለብቻው ሳህን ይኑረው። ጉርሻም ይቆጠራል። የእናቴን ጉርሻ ሳትሰማ መዝኜው 25 ግራም ሆነብኝ፤ እንጀራና ወጡ ተደምሮ 6 ግራም ያህል ካርቦሃይድሬት ነው። ሦስት ከተጎረሰ አንድ ምትክ አልፏል። አያቱ ቤት ውስጥ ካሉ ሥጋውን በሹካ ያጉርሱት፤ ቅር አይላቸውም።

ለበዓሉ ዶሮ ወጥም ያው ነው። ሥጋውና እንቁላሉ ዜሮ ቢሆኑም፣ 1 ኪሎ ሽንኩርት የገባበት ድስት 90 ግራም ካርቦሃይድሬት ይዟል። ለስድስት ሰው ከተከፈለ ለእያንዳንዱ 15 ይደርሰዋል፤ እንጀራው ገና ሳይቆጠር።