በ101 ላይ የበራው መብራት፦ ሙር ወይስ ሚሊ?

«1011ን የሚለይ ሲኩዌንስ ዲቴክተር በሙርም በሚሊም ሠርቻለሁ። የሚሊው መብራት ግን ክሎኩን ሳልመታ ይበራል። የሙሩ ደግሞ የዘገየ ይመስላል። የተሳሳተው የቱ ነው? ለፕሮጀክቱ የቱን ይዤ ልቅረብ?»

ሰላም ወንድሜ። ሁለቱም ልክ ናቸው። የሚሊ አውትፑት መቼ እንደሚነበብ ግን ማንም አልነገረህም። ለእኔም አልነገሩኝም ነበር። ሦስተኛ ዓመት ላይ የፕሮጀክቱን ግማሽ ማርክ ያጣሁት በዚህች አንዲት ነገር ነው። አንተ ላይ እንዳይደገም ብዬ ነው ረዘም አድርጌ የምጽፍልህ። ስለ ዲያግራም አሳሳል አላወራም፤ እሱን እንዳለፍክ ከጥያቄህ ያስታውቃል። ሰርኪዩትህም እንደ እኔው በብሬድቦርድ ላይ፣ በእጅ በሚቀያየር ስዊችና በእጅ በሚመታ ክሎክ የተሠራ ይመስለኛል።

1. ፍሊፕ ፍሎፕ ይቆጥብልኛል ብለህ ሚሊን እንዳትመርጥ።

እኛ የመረጥነው በዚህ ምክንያት ነበር። የላቡ ዕቃ ክፍል ሠራተኛ ለአንድ ግሩፕ ከአንድ 7474 በላይ አልሰጥም አለ። 7474 ውስጥ ያሉት ሁለት ዲ ፍሊፕ ፍሎፖች ናቸው። ሙር አምስት ስቴት ስለሚፈልግ ሦስት ፍሊፕ ፍሎፕ ያስፈልገዋል። ሚሊ ግን በአራት ስቴት ያልቃል፤ ሁለት ይበቃዋል። ሰውየውን ሁለቴ ሄጄ ለመንኩት። ሁለተኛው ላይ «ዲዛይናችሁን አሳንሱ እንጂ እኔን አታድርቁኝ» ብሎ መስኮቱን ዘጋብኝ። መደርደሪያው ላይ አንድ ሙሉ ሳጥን እያየሁ! እስካሁን ያናድደኛል። አሳነስን፤ ሚሊ ሆነ።

ሥራው ራሱ ያማረ ነበር። ያን ኢኩዌሽን ዛሬም በቃሌ አውቀዋለሁ። ኤ ምንም ያልተገኘበት ስቴት ነው። ቢ 1ን አይቷል፣ ሲ 10ን፣ ዲ 101ን። ኤክስ ከስዊቹ የሚገባው ቢት ነው፤ ዜድ መብራቱን የሚያበራው አውትፑት።

```
A=00  B=01  C=10  D=11   (Q1 Q0)
D0 = x
D1 = Q0·x' + Q1·Q0'·x
z  = Q1·Q0·x
```

የመጀመሪያዋን መስመር ተመልከት። የአንደኛው ፍሊፕ ፍሎፕ ኢንፑት ራሱ ኤክስ ነው፤ ምንም ጌት የለውም። ካርኖ ማፑን ስጨርስ ደስታዬን ለዶርም ልጆች ሁሉ አሳይቻለሁ። ለአራቱ ስቴቶች ሌላ ኮድ ብትሰጣቸው እንዲህ ላይቀልልህ ይችላል፤ ስለዚህ ኮዱን ሳትቸኩል ምረጥ።

2. የሚሊን አውትፑት ክሎኩን ልትመታ ስትል ብቻ አንብበው።

ይህን ነው ያላወቅነው። መምህራችን የተገኘውን 1011 በ7490 ቆጥረን በሴቨን ሴግመንት እንድናሳይ አዝዞ ነበር። እኛም ዜድን በቀጥታ የ7490 ክሎክ ላይ ሰካነው። 7490 የሚቆጥረው ክሎኩ ከ1 ወደ 0 ሲወርድ ነው። ዜድ በርቶ ሲጠፋ አንድ ይቆጥራል ማለት ነው። ወረቀት ላይ ምንም ስህተት አይታይበትም።

ዴሞው ቀን መምህሩ 101011 አስገቡ አሉን። በውስጡ ያለው 1011 አንድ ብቻ ነው፤ መጨረሻው ላይ። የእኛ ቆጣሪ 2 አለ። ደግመን ከዜሮ ጀመርን፤ አሁንም 2።

እኔ ወዲያው የስዊች ባውንስ ነው አልኩ። ስዊች ሲቀየር ብረቱ እየነጠረ ብዙ ጊዜ የተነካ ያስመስላል፤ ላብ ውስጥ ነገር ሲበላሽ ሁላችንም የምንወቅሰው እሱን ነው። ከ7400 ላች ሠርቼ ኤክስ ላይ ጨመርኩ። ሁለት ሰዓት ፈጀብኝ። ቆጣሪው ያው 2! ላብ አሲስታንቱ መጣና ገመዶቹን እንኳን ሳያይ «ተሳስቷል፣ ፈታታችሁ ውጡ፣ ሌላ ግሩፕ እየጠበቀ ነው» አለን። ሲግናሉን በኦሲሎስኮፕ አሳየን ብንለው ጀርባውን ሰጠን። ማርኩ በዚያው ተቆረጠ።

እዚህ ላይ አንድ ምልክት ልስጥህ። ባውንስ ቁጥሩን ያዘበራርቀዋል፤ አንዴ 2፣ አንዴ 4፣ አንዴ 3 ይልሃል። ያው ስህተት ሁልጊዜ በዚያው ቁጥር ከመጣ ባውንሱን ተወውና ስቴቱን ተከተል። እኔም ማታ ዶርም ገብቼ በወረቀት ተከተልኩት። አንተም አብረኸኝ ተከተል።

ከኤ ጀምር። 1 አስገብተህ ክሎክ መታህ፤ ቢ ሆንክ። 0 አስገብተህ መታህ፤ ሲ። 1 አስገብተህ መታህ፤ ዲ። አሁን እጅህን አንሳና ስዊቹን እየው። አሁንም 1 ላይ ነው! ያ 1 ተነብቦ ያለቀ ሦስተኛው ቢት ነው። ሰርኪዩቱ ግን ይህን አያውቅም። ስቴቱ ዲ ነው፣ ኤክስ 1 ነው፣ ስለዚህ ዜድ 1 ይሆናል። መብራቱ በ101 ብቻ በራ፤ አራተኛውን ቢት ገና አልሰጠኸውም።

ቀጣዩ ቢት 0 ነው። ስዊቹን ወደ 0 ስትመልሰው፣ ክሎክ ሳትመታ፣ ዜድ ወደቀ። 7490 «አንድ» አለ። የሐሰቱ ቁጥር ይህ ነው።

ክሎክ ምታ፤ ከዲ ወደ ሲ ተመለስክ። 1 አስገብተህ ምታ፤ እንደገና ዲ፣ እንደገና መብራቱ በራ። የመጨረሻው ቢትም 1 ስለሆነ ስዊቹን አትነካውም። ክሎክ ስትመታ ወደ ቢ ትሄዳለህ፣ ዜድ ይወድቃል፣ ቆጣሪው «ሁለት» ይላል። እውነተኛው ይህ ነው። ሌላም ነገር አስተውል። መብራቱ የጠፋው 1011 በተጠናቀቀበት ክሎክ ላይ ነው። መምህሩ ይበራል ብሎ በጠበቀበት ቅጽበት የእኛ ጠፋ። ዴሞው ቀን መምህሩ «ተገልብጧል» ያለንም ለዚህ ነበር።

ሚሊ አልዋሸንም። ዜድ የሚለው «አሁን ያለው ኤክስ በዚህ ክሎክ ቢነበብ 1011 ይሟላል» ነው። ይህ አባባል የሚጸናው አዲሱ ቢት ከተቀመጠ በኋላና ክሎኩ ከመምጣቱ በፊት ባለው ጊዜ ብቻ ነው። ከዚያ ውጭ ያለው መብራት አይቆጠርም። ሙር ግን የሚያየው ስቴቱን ብቻ ነው። ስዊቹን መቶ ጊዜ ብታገላብጠው ክሎክ እስካልመታህ ድረስ አውትፑቱ አይነቃነቅም። ዘግይቷል ያልከውም መዘግየት አይደለም። አራተኛው ቢት በክሎክ ተነብቦ ሲያበቃ ይበራል፣ እስከሚቀጥለው ክሎክም ይቆያል።

አሁን መፍትሔው። እኔ ለሁለተኛው ዴሞ ሌላ 7474 በራሴ ብር ከከተማ ገዛሁ። ዜድን ቆጣሪው ላይ መስካት ትቼ በሦስተኛ ዲ ፍሊፕ ፍሎፕ አሳለፍኩት፤ ክሎኩ ያው የሌሎቹ ክሎክ ነው። መብራቱን በዚያ ፍሊፕ ፍሎፕ ኪው ላይ፣ የ7490ን ክሎክ ደግሞ በተገለበጠው አውትፑቱ በኪው ባር ላይ ሰካሁ፤ መብራቱ ሲበራ ኪው ባር ስለሚወርድ 7490 በዚያው ክሎክ ይቆጥራል። ሌላ ጌት አልተቀየረም።

```
D2 = Q1·Q0·x
z  = Q2
```

ያን ቀን ማታ ሪፖርት ስጽፍ ያየሁትን ነው በጣም ላሳይህ የፈለግኩት። የሙሩን ዲያግራም አውጣና አምስተኛውን ስቴት፣ 1011ን ያየውን፣ ተመልከት። ከእሱ በ0 ወደ ሲ ትሄዳለህ፣ በ1 ወደ ቢ። ቢስ? ልክ እንደዚያው፤ በ0 ወደ ሲ፣ በ1 ወደ ቢ። የሚለያቸው አውትፑቱ ብቻ ነው። እንግዲህ ለአምስተኛው ስቴት 101 የሚል ኮድ ስጠው፤ የቢ ኮድ 001 ነው። አሁን የሙሩን ኢኩዌሽኖች ብታወጣ የምታገኘው እነዚያኑ ነው። ዲ ዜሮ አልተለወጠም፣ ዲ አንድ አልተለወጠም፣ ዲ ሁለት ከላይ የጻፍኩት ነው። በአውትፑቱ ላይ ፍሊፕ ፍሎፕ የጨመርክለት ሚሊና ሙሩ አንድ ሰርኪዩት ሆኑ። ገመዱ ሳይቀር አንድ ነው!

እኔ ይህን ሳይ ተቀምጬ ዝም አልኩ። ሁለት ሳምንት ሙሉ «የቱ ይሻላል» እያልን የተከራከርንበት ነገር አንዲት ፍሊፕ ፍሎፕ የት ትቀመጥ የሚል ጥያቄ ነበር። ጆርጅ ሚሊ በ1955፣ ኤድዋርድ ሙር በ1956 እ.ኤ.አ. ነው ሐሳባቸውን ያሳተሙት፤ ሁለቱም ቤል ላብስ ውስጥ። ክፍል ውስጥ ግን ተቀናቃኝ ቡድኖች ይመስል ለየብቻ ነው ያስተማሩን።

ይህ ኮድ ሌላም ጥቅም አለው። ሦስት ፍሊፕ ፍሎፕ ስምንት ስቴት ይፈጥራል፤ አንተ የምትጠቀመው አምስቱን ነው። ፓወር ስታበራ ከቀሩት ከሦስቱ በአንዱ ልትነሳ ትችላለህ። በሦስቱ የዲ ኢኩዌሽኖች ውስጥ ኪው ሁለት የትም ስለማይገባ በአንድ ክሎክ ወደ ትክክለኛው መንገድ ትመለሳለህ። ግን ሲነሳ ኪው ሁለት 1 ከሆነ ሐሰተኛ መብራት ታያለህ። ስለዚህ የ7474ን ክሊር እግሮች ከአንድ ሪሴት ቁልፍ ጋር አገናኝና ከመጀመርህ በፊት ተጫነው። ክሊሩ የሚሠራው ዜሮ ሲሆን ነው፤ በሌላው ጊዜ 1 ላይ ይቆይ።

ሚሊውን እንዳለ መጠቀም የሚያስኬደው ኤክስ ራሱ በዚያው ክሎክ ከሚሠራ ፍሊፕ ፍሎፕ ሲመጣ ነው። ያኔ ኤክስ ከክሎኩ ቀጥሎ ወዲያው ይቀየራል፤ የቆየው 1 ብዙ ጊዜ ተንጠልጥሎ አይቀርም። ያኔም ቢሆን ለቅጽበት ብልጭ ማለት ስለሚችል ዜድን የቆጣሪ ክሎክ አታድርገው። እንደ 74163 ያለ ቆጣሪ ወስደህ ክሎኩን ከዋናው ክሎክ ስጠው፣ ዜድን ኢኔብል ላይ ስካው። እንዲህ ከሆነ ቆጣሪው ዜድን የሚያየው ትክክለኛ በሆነበት ቅጽበት ብቻ ነው፤ አራተኛው ቢት በተነበበበት በዚያው ክሎክም ይቆጥራል። ይህን ፍጥነት ከፈለግክ ሚሊ ያዋጣሃል።

የአንተ ግን በእጅ የሚሠራ ነው። ሙሩን ይዘህ ቅረብ፤ አምስተኛውን ስቴት 101 በለው። የክሎክ ቁልፍህ ላይ ብቻ የባውንስ ላች አትርሳ፤ እዚያ አንድ ጊዜ ስትመታ ሦስት ጊዜ ከቆጠረብህ ስቴቱ ሁሉ ይዛባል። ከመቅረብህ በፊት 101011ን ሞክር፤ 1 ማለት አለበት። ሪሴት ሳታደርግ 1011011ን አስከትል፤ መሃል ላይ ያለው 1 ለሁለቱም ስለሚቆጠር 3 ላይ መድረስ አለበት። የእኛ በሁለተኛው ዴሞ 3 ብሎ ቆመ። መምህሩ ስዊቹን ራሱ ይዞ ደጋግሞ አገላበጠው፤ መብራቱ አልተነቃነቀም። ፈርሞ ሰጠን።