መልስ፦ ጥልቅ እንቅልፍና ሕልም የሚታይበት እንቅልፍ

«ሌሊቱን ሙሉ አጥንቼ ጠዋት ፈተና ላይ ሁሉም ይጠፋብኛል። እንቅልፍን ከማስታወስ ጋር ምን አገናኘው? ጥልቁና ሕልም የሚታይበትስ ምን ይለያቸዋል?»

ያነበብከው መጀመሪያ የሚያዘው ሂፖካምፐስ በሚባለው የአንጎል ክፍል ነው። ጥልቅ እንቅልፍ ስትገባ የአንጎል ሴሎች አብረው ይነሳሉ፣ አብረው ዝም ይላሉ፤ በሰከንድ አንዴ ገደማ፣ ቀስ ያለ ትልቅ ሞገድ። በዚህ መሃል ሂፖካምፐስ የቀኑን ነገር እየደጋገመ ለውጨኛው የአንጎል ክፍል ያቀብላል። በ1994 ተመራማሪዎቹ ዊልሰንና ማክናውተን አይጦች ላይ አይተውታል፦ አይጦቹ ሲንቀሳቀሱ አብረው የሠሩት ሴሎች፣ ከዚያ በኋላ በነበረው እንቅልፋቸው እንደገና አብረው ሠሩ።

ሕልም የሚበዛበት፣ ሬም የሚሉት፣ ሌላ ነው። አንጎሉ የነቃ ይመስላል፣ ዓይን ከሽፋኑ ሥር ይሯሯጣል፣ እጅና እግር ግን አይታዘዝም። ደግሞም እንኳን አልታዘዘ፣ ስንቱ አልጋ በተሰበረ! ለማስታወስ ያለው ድርሻ እስካሁን ያከራክራል።

ጥልቁ የሚበዛው ከተኛህ በኋላ ባሉት የመጀመሪያዎቹ ሰዓታት ነው፣ ሬም ወደ እንቅልፉ መጨረሻ። ስለዚህ ከሌሊቱ 9 ሰዓት ተኝተህ 12 ብትነሳ እንኳ ከጥልቁ ብዙውን ታገኛለህ፤ በዋናነት የሚቆረጥብህ ሬሙ ነው። ጭራሽ ካልተኛህ ግን ሁለቱም የሉም፣ በዚያ ላይ እንቅልፍ ያጣ አንጎል አዲስ ነገር መያዝም ይከብደዋል።