ስለተከፈተ የሕፃን ምግብ ጠይቁኝ

ድሬዳዋ ውስጥ በሕፃናት ክፍል ነርስ ሆኜ 14 ዓመት ሠርቻለሁ። ሙቀቱ እየባሰ ሲመጣ፣ በጠርሙስ ስለሚሸጠውና ቤት ስለሚፈጨው የሕፃን ምግብ የሚጠይቀኝ ሰው በዛ። ያላችሁን ጻፉልኝ፣ በተራ እመልሳለሁ።

የሰባት ወር ልጅ እናት፣ ሳቢያን፦ የስኳር ድንቹን ጠርሙስ ማታ ከፍቼ ግማሹን ከራሱ ከጠርሙሱ አበላኋት። ቀሪውን ወዲያው ፍሪጅ ከተትኩት። ጠዋት ሳየው ውሃ ሆኗል። የተበላሸ ነው የሸጡልኝ?

ክዳኑ ስትከፍቺው “ጠቅ” ብሎ ከነበረ ዕቃው ደህና ነበር። ያበላሸው ማንኪያው ነው። ከጠርሙሱ ወደ አፏ፣ ከአፏ ወደ ጠርሙሱ ሲመላለስ ምራቋን ይዞ ገባ። ምራቅ ውስጥ አሚሌዝ የሚባል ኢንዛይም አለ። ሥራው ስታርች መሰባበር ነው። ስኳር ድንች ደግሞ ስታርች የሞላበት ነው። ፍሪጅ ውስጥም ቢሆን ቀስ እያለ ሲሠራ አደረ።

ቤትሽ ሞክሪው። ወፈር ያለ አጥሚት ሥሪና ለብ ሲል ለሁለት ብርጭቆ ክፈዪው። አንዱን በንጹሕ ማንኪያ አማስዪ። ሌላውን አፍሽ ገብቶ በወጣ ማንኪያ ደጋግመሽ አማስዪ። ከግማሽ ሰዓት በኋላ ሁለቱንም አዘንብለሽ እያቸው። ምራቅ የነካው ቀጥኖ ይፈሳል።

መቅጠኑ ራሱ ልጅ አያሳምምም። ግን ምራቅ መግባቱን ይነግርሻል። ከምራቁ ጋር ባክቴሪያም ገብቷል፣ ስለዚህ ድፊው። አንድ ነገር ግን አደራ። ሥጋ ወይም የበሰለ ማንጎ ምራቅ ቢነካውም እንዲህ አይቀጥንም፣ የሚሰባበር ስታርች ብዙም የለውምና። “አልቀጠነም፣ ደህና ነው” እንዳትዪ።

አባት፣ ገንደ ቆሬ፦ ምራቁ የራሱ ነው። አፉ ውስጥ የኖረ ባክቴሪያ እንዴት መልሶ እሱን ያሳምመዋል?

ልዩነቱ ብዛቱ ነው። አፉ ውስጥ ያለውን ሲውጠው የሆዱ አሲድ አብዛኛውን ይገድለዋል። ጠርሙሱ ውስጥ የሚነካው የለም። እርጥብ ነው፣ ለስላሳ ነው፣ ምግብ ሞልቶለታል። ሙቀቱ ከተመቸው ባክቴሪያ በ20 ደቂቃ ገደማ እጥፍ ሊሆን ይችላል። 100 ገቡ እንበል። በዚህ ፍጥነት በሁለት ሰዓት 6,400 ይሆናሉ። በአራት ሰዓት 400,000 ያልፋሉ። ፍሪጅ ያዘገያቸዋል እንጂ አያቆማቸውም። ምሳ ላይ የገባው ማታ በዝቶ ሊወጣ ይችላል።

ከሐረር፣ የሁለት ልጆች እናት፦ እኔ የተረፈውን ጠዋት ድስት ላይ አንፈቅፍቄ ነው የምሰጠው። ማፍላት ሁሉንም ይገድላል። ለምን ይደፋል?

ባክቴሪያውን መግደሉ ልክ ነሽ። ችግሩ አንዳንዱ ባክቴሪያ ሲራባ መርዝ ጥሎ ነው የሚሞተው። ከቆዳና ከአፍንጫ የሚመጣው ስታፊሎኮከስ አንዱ ነው። እሱ የተወው መርዝ አንዴ ምግቡ ውስጥ ከተሠራ ማንፈቅፈቅ አያጠፋውም። ምግቡ አይሸትም፣ መልኩም አይለወጥም። ልጁ ግን በሰዓታት ውስጥ ማስመለስ ይጀምራል።

የምግቡ ዋጋ እንደሚያንገበግብ አውቃለሁ። መፍትሔው ከመጀመሪያው የሚበላውን ሳህን ላይ አውጥቶ፣ ጠርሙሱን በሚበላበት ማንኪያ አለመንካት ነው። ያኔ የሚደፋው ሳህን ላይ የቀረችው አንድ ሁለት ማንኪያ ብቻ ትሆናለች።

ልጅ የምትይዝ፣ ከዚራ፦ አሠሪዬ “ከጠርሙሱ አታብዪው” ብላኛለች፣ እንዴት እንደማደርግ ግን አላሳየችኝም። ከመጀመሪያው ንገሪኝ።

እጅሽን ታጠቢ። የጠርሙሱን ክዳን መሐል በጣትሽ ጫኚው። ከመከፈቱ በፊት ወደ ውስጥ ጎድጎድ ያለ መሆን አለበት። ወደ ላይ ካበጠ ወይም ስትጫኚው ወደ ላይና ወደ ታች ካለ አትክፈቺው፣ ለአሠሪሽ አሳዪያት።

ልጁ ሰባት ወር ሆኖት አራት ማንኪያ ይበላል እንበል። በንጹሕና በደረቅ ማንኪያ ሦስቱን ትንሽ ሳህን ላይ አውጪ። ጠርሙሱን ክደኚ። ክዳኑ ላይ ፕላስተር ለጥፈሽ ቀኑንና ሰዓቱን ጻፊ። ከዚያ ማብላት ሳትጀምሪ ፍሪጅ ክተቺው። ቅደም ተከተሉ እዚህ ላይ ነው። ጠርሙሱ አጠገብሽ ከተቀመጠ ልጁ ሲያለቅስ እጅሽ ወደዚያ ይሄዳል። እኔም በመጀመሪያ ልጄ ያደረግሁት ይህንን ነው። ሦስት ቀን ተቅማጥ ይዟት ነበር። ምክንያቱ ጠርሙሱ ይሁን ሌላ ማረጋገጥ አልቻልኩም፣ ከዚያ በኋላ ግን ጠርሙስ ማዕድ ላይ አስቀምጬ አላውቅም።

ጨምሪልኝ ካለ ሌላ ንጹሕ ማንኪያ አንሺ። የሚበላበትን ማንኪያ አልሰሽም ሆነ በውሃ አለቅልቀሽ አትመልሺው። ሳህኑ ላይ የቀረው ይደፋል፣ ወደ ጠርሙሱ አይመለስም።

ከታይዋን ገበያ አካባቢ፦ አንዴ ብቻ ረስቼ የበላበትን ማንኪያ ጠርሙሱ ውስጥ ነከርኩ። ይደፋ?

እዚያው ማዕድ ላይ ቢጨርሰው ምንም አይደለም። ማስቀመጥ ግን አይቻልም። የቀረውን አንቺ ወይም ታላቁ ልጅ ብሉት።

አያት፣ መጋላ፦ ልጄ፣ እኛ አላምጠን በጣታችን እያጎረስን ስንቱን አሳደግን። ፍሪጅም አልነበረን።

እማማ፣ ልክ ነዎት፣ ፍሪጅ አልነበረም። ስለዚህም ምግቡ አያድርም ነበር። እርስዎ በጣትዎ ያጎረሱት እዚያው ተበልቶ አለቀ። የዛሬው ችግር የመጣው ምራቅ የነካውን ለነገ ስለምናሳድር ነው። ማላመጡን ግን አልደግፍም። የአዋቂ አፍ የሚያስተላልፈው ብዙ ነገር አለ። እጅዎን ታጥበው ማጉረስዎ ይቀጥል።

አባት፣ ሐረር፦ የኛ ልጅ ጡጦ ላይ ወተት ያስተርፋል። እሱስ ፍሪጅ ውስጥ ሁለት ቀን ይቆያል?

አይቆይም፣ ወንድሜ። ወተት የራሱ ሰዓት አለው። የዱቄት ወተት ከሆነ ልጁ መጥባት ከጀመረ በአንድ ሰዓት ውስጥ ይደፋል። ታልቦ በጡጦ የተሰጠ የእናት ጡት ወተት ከሆነ ጠጥቶ ከጨረሰ በሁለት ሰዓት ውስጥ ያልቃል ወይም ይደፋል።

የሳቢያኗ እናት በድጋሚ፦ ታዲያ ንጹሑ ጠርሙስ ስንት ቀን ይቆያል? አንዱ ሦስት ቀን ይላል፣ አንዱ 24 ሰዓት።

እንደ ይዘቱ ነው። ፍራፍሬና አትክልት ብቻ ከሆነ ከሁለት እስከ ሦስት ቀን። አትክልት ከሥጋ ጋር ከሆነ ከአንድ እስከ ሁለት ቀን። ሥጋ ወይም እንቁላል ብቻ ከሆነ አንድ ቀን። ቤት የፈጨሽው አንድ ወይም ሁለት ቀን። ጠርሙሱ ላይ ከዚህ ያነሰ ከተጻፈ የጠርሙሱን ያዢ።

ይህ ሁሉ ግን ፍሪጁ ከ4 ዲግሪ ካልበለጠ ነው። ድሬ ላይ ደግሞ የቤቱ ሰው ሁሉ ቀዝቃዛ ውሃ ፍለጋ ቀኑን ሙሉ ፍሪጅ ይከፍታል። ቴርሞሜትር አንድ ብርጭቆ ውሃ ውስጥ ከተሽ ፍሪጁ መሐል አሳድሪውና ጠዋት አንብቢ። የልጁን ምግብ በሩ ላይ አታስቀምጪ፣ በጣም የሚሞቀው እሱ ነው። ወደ ኋላ አስገቢው።

የሐረሯ እናት፦ እኛ ጋ አየሩ ቀዝቀዝ ይላል። የፍራፍሬው ሦስት ቀን ለኛ ይሠራል ባይ ነኝ።

ፍሪጅሽ 4 ዲግሪ ከሆነ ይሠራል። እኔ እዚህ ለፍራፍሬም ቢሆን ከሁለት ቀን አላልፍም፣ የቤቴን ፍሪጅ ስለማውቀው። ባልደረባዬ “አጥብቀሻል” ትለኛለች። እስካሁን አልተስማማንም። ልዩነት የሌለን ከፍሪጅ ውጭ ስላለው ጊዜ ነው። የተከፈተ ምግብ ውጭ ከሁለት ሰዓት በላይ አይቆይ። የቤቱ ሙቀት ከ32 ዲግሪ ካለፈ ግን አንድ ሰዓት ብቻ ነው። ግንቦትና ሰኔ ላይ ድሬ ውስጥ ሁሌም አንድ ሰዓት ብላችሁ ያዙት። በባጃጅ ከዘመድ ቤት ይዛችሁ የመጣችሁትም ይቆጠራል።

ከደቻቱ፦ መብራት ሲሄድስ?

የሄደበትን ሰዓት ጻፊና ፍሪጁን አትክፈቺ። ሳይከፈት አራት ሰዓት ያህል ቅዝቃዜውን ይይዛል። ከዚያ ካለፈ የተከፈተው የልጅ ምግብ ይደፋል። ያልተከፈተው ጠርሙስ ምንም አይሆንም፣ እሱ መጀመሪያውኑም ፍሪጅ አይፈልግም። መቼ እንደሄደ የማታውቂ ከሆነ፣ ለምሳሌ ከሥራ ስትመለሺ በረዶው ቀልጦ እንደገና የረጋ ከመሰለሽ፣ አትገምቺ። ድፊው።

ሥራ የምትውል እናት፣ ከዚራ፦ እሑድ ዱባና ካሮት ቀቅዬ እፈጫለሁ። ለሳምንት እንዲሆነኝ ምን ላድርግ?

የፈጨሽውን ልጁ ሳይቀምሰው በበረዶ መሥሪያው ጉድጓዶች ከፋፍለሽ ፍሪዘር ክተቺ። ሲደርቅ በንጹሕ ላስቲክ ቋጥረሽ ቀኑን ጻፊበት። አንድ ወር በደንብ ይቆያል። በጠርሙስ እንዳለ አታቀዝቅዢው፣ ይሰነጠቃል። ማታ የነገውን ሁለት ኩብ አውጥተሽ ፍሪጅ ውስጥ አሳድሪ፣ ጠረጴዛ ላይ አይቅለጥ። ጠዋት እንፋሎት እስኪያወጣ አሙቂ፣ ለብ እስኪል አብርጂ፣ አንጓሽ ላይ ጠብ አድርገሽ ሙቀቱን እዪ። አንዴ የሞቀ እንደገና አይሞቅም፣ እንደገናም አይቀዘቅዝም።

ያው የገንደ ቆሬ አባት፦ በላስቲክ ከረጢት የሚመጣውና ልጁ በአፉ የሚመጥጠውስ? እሱ ላይ ማንኪያ የለም።

ማንኪያው አፉ ነው። መጦ ሲለቀው ምራቁ ተመልሶ ይገባል፣ በላስቲኩ ስለማይታይ ደግሞ መቅጠኑን እንኳ አታየውም። ሳህን ላይ ጨምቀህ በማንኪያ አብላው። በአፉ ከመጠጠው ግን የተረፈውን አታሳድርለት።